ባቄላዋ በስብሶ 18 ያገኘችው ልጅ

ልጁ የፕሮጀክት ወረቀቱን ይዞ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 14/20 ተጽፎበታል። እናት ወረቀቱን አገላብጣ ታያለች።

«ስድስቱን ምን በላው?»

«እኔ እንጃ።»

«መምህርህን አልጠየቅክም?»

«ጠይቄያታለሁ። 'በደንብ አልሠራህም' አለችኝ።»

ነገሩ እዚህ ያበቃል። መምህሯ አልዋሸችም፣ ልጁም አላጠፋም። ግን «በደንብ» ማለት ምን እንደሆነ በመምህሯ ልብ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ልጁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ፕሮጀክት ሲሰጠው ስድስቷን ነጥብ የት እንደሚፈልጋት አያውቅም። ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ሽፋኑን ማሳመር ነው። አባቱን ገንዘብ ይጠይቅና ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ያስጽፋል፤ ባለቀለም ሥዕል ያስወጣል፤ ያስጠርዛል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን መምህራን የሚጠቀሙበት አንድ ወረቀት አለ። በእንግሊዝኛ ሥልጠናዎች ላይ «ሩብሪክ» ይባላል፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የመመዘኛ ሰንጠረዥ» እንበለው። ቃሉ የመጣው በላቲን «ቀይ» ከሚል ቃል ነው። የጥንት ጸሐፍት በመጽሐፍ ውስጥ ርእሱንና መመሪያውን በቀይ ቀለም ይጽፉ ስለነበር ነው። የእኛ የብራና መጻሕፍት አንባቢ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ርእሱና የቅዱሳን ስም በቀይ፣ የቀረው በጥቁር ተጽፎ አይቷል። እዚያ ቀይ ቀለም አንባቢውን «እዚህ ላይ ልብ በል» ብሎ የሚመራ ነበር። በልጁ ወረቀት ላይ ግን ቀዩ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የመመዘኛ ሰንጠረዥ ቀዩን ቀለም ወደ መጀመሪያው ቀን ይመልሰዋል።

ሰንጠረዡ ራሱ ቀላል ነገር ነው። በግራ በኩል የሚታዩት ነገሮች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። ከላይ ደግሞ ደረጃዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ በዚያ ደረጃ ያለ ሥራ ምን እንደሚመስል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል። አስቸጋሪው ሳጥኑን መሥራት ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን የዐሥር ዓመት ልጅ አንብቦ «ገባኝ፤ ይህን አደርጋለሁ» እንዲል አድርጎ መጻፍ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት አንድ የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ፕሮጀክት ይዘን እንሂድ።

ሁለት ጣሳ፣ አራት ሳምንት

ፕሮጀክቱ ይህ ነው እንበል። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ባዶ የቲማቲም ጣሳ ያመጣል፤ ሥራቸው በምስማር ይበሳል፤ አፈር ይሞላል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ባቄላ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ይተከላል። አንዱ ጣሳ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ ሌላው በካርቶን ይከደናል። ለአራት ሳምንት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ልጆቹ ቁመቱን በማስመሪያ ይለካሉ፤ በአጠቃላይ 12 ጊዜ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ጽሑፍና ሥዕል ያስረክባሉ፤ ለክፍሉም ለሁለት ደቂቃ ያስረዳሉ። ነጥቡ ከ20 ነው።

መምህሯ መጀመሪያ የምትወስነው ምን እንደምታይ ነው። ሳታስብበት ብትጀምር የመጀመሪያው መስመር «ባቄላው አድጓል» ሊሆን ይችላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ባቄላ በደጋ ብርድ ከአፈር ለመውጣት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል፤ ዘሩ ያረጀ ወይም የተነቀዘ ከሆነም ጭራሹን አይወጣም። ዶሮ ሊጭረው፣ ታናሽ ወንድም ሊነቅለው ይችላል። ነጥቡ ለባቄላው ዕድገት ከተሰጠ የሚመዘነው የልጁ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ዕድሉ ይሆናል። ልጆች ደግሞ ይህን ቶሎ ይደርሱበታል፤ ባቄላው የሞተበት ልጅ የጎረቤቱን ቁጥር ይገለብጣል።

ስለዚህ የሚታየው የልጁ ሥራ መሆን አለበት። እዚህ ፕሮጀክት ላይ ልጁ አራት ነገር ይሠራል፤ ይለካል፣ ይሥላል፣ ያወዳድራል፣ ያስረዳል። አራቱ የሰንጠረዡ አራት መስመሮች ናቸው። የሽፋን ውበት መስመር የለውም። መምህሯ የተነበበ ጽሑፍ ከፈለገች «ጽሑፌ ያምራል» ብላ መጻፍ የለባትም፤ «ጓደኛዬ ምንም ሳይጠይቀኝ አነበበው» ብትል ልጁ ራሱ ሞክሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። ከአራት መስመር በላይ ሲሆን የ4ኛ ክፍል ልጅ አንዱን ሲያይ ሌላውን ይረሳል።

ስም የማይለጥፉ ስሞች

ቀጥሎ የደረጃዎቹ ስም ይመጣል። የለመድናቸው «ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» የሚሉት ናቸው። ችግራቸው ሥራውን ሳይሆን ልጁን መጥራታቸው ነው። «ደካማ» የሚለውን ያነበበ ልጅ ስለ ልኬቱ አያስብም፤ ስለ ራሱ ያስባል።

ይህን ሸሽተው ሌላ ስም የሚፈልጉ መምህራን አሉ። አንዳንዱ «ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ» ይላል። ይህ የሩጫ ቋንቋ ነው፤ ወርቅ ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው። ሰንጠረዡ ግን ክፍሉ በሙሉ ላይኛው ደረጃ ላይ ቢደርስ ደስ የሚለው ነው። ሌላው «አንበሳ፣ ነብር፣ ጥንቸል» ይላል። ከዕረፍት በፊት ጥንቸል የተባለው ልጅ ከዕረፍት በኋላም ጥንቸል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጽል ስሙ ሆና ትቀራለች።

«ዘር፣ ቡቃያ፣ አበባ፣ ፍሬ» የሚለው ከሁሉም ይሻላል። ማንንም አያዋርድም፤ ወደፊት የሚሄድም ነው። ለተረት መጻፍ ወይም ለካርታ ሥራ ቢሆን ጥሩ ስም ነበር። በባቄላ ፕሮጀክት ላይ ግን ልጁን ያደናግረዋል። «የእኔ ባቄላ አላበበም፤ ስለዚህ አበባ አልሆንም» ይላል። ያስወገድነውን ስሕተት ስሙ በጓሮ በር መልሶ ያስገባዋል። የደረጃ ስም ሲመረጥ ከፕሮጀክቱ ጉዳይ ጋር እንዳይጋጭ መታየት አለበት።

ለዚህ ፕሮጀክት የሚሆነው የመንገድ ቋንቋ ነው፤ «ጀመርኩ»፣ «መንገድ ላይ ነኝ»፣ «ደረስኩ»፣ «አልፌ ሄድኩ»። ልጁ ራሱ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው። የስም መፈተኛውም እዚሁ ላይ ነው፤ ልጁ ጓደኞቹ ፊት ጮክ ብሎ ሊለው ይችላል? «ደካማ ነኝ» የሚል ልጅ የለም። «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ግን አያሳፍርም። ትልቅ ሰውም በስልክ ሲጠሩት የሚለው እሱኑ ነው።

አራት ደረጃ ለ4ኛ ክፍል ይበቃል። አምስት ሲሆን በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለውን ልዩነት መምህሯም ልታሳይ አትችልም። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ሦስት ደረጃ፣ መስመሩም አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ማንበብ ገና ለሚማር ልጅ ከስሙ ጎን ሥዕል ይደረጋል፤ ጥቂት የተቀዳበት ሲኒ፣ ግማሽ የደረሰ ሲኒ፣ የሞላ ሲኒ። ዓረፍተ ነገሩን መምህሯ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች።

ከ«ደረስኩ» መጀመር

አሁን ሳጥኖቹ ይሞላሉ። ልምድ የሌለው ሰው ከዝቅተኛው ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ወይም ከከፍተኛው ጀምሮ እየቀነሰ ይወርዳል። ሁለቱም ወደ አንድ ወጥመድ ያደርሳሉ። መጨረሻ ላይ የሚገኘው «በጣም በደንብ ለካ፣ በደንብ ለካ፣ በመጠኑ ለካ፣ በጥቂቱ ለካ» የሚል ሰንጠረዥ ነው። ሳጥኖቹ ሞልተዋል፤ ግን ምንም አልተባለም። ቀድሞ በመምህሯ ልብ ውስጥ የነበረው «በደንብ» አሁንም እዚያው ነው፤ ብቻ አራት ቦታ ተቆራርሷል።

የሚሻለው «ደረስኩ» ከሚለው መጀመር ነው። ይህ ደረጃ ፕሮጀክቱ የጠየቀውን ሁሉ የሠራ ልጅ ቦታ ነው። መምህሯ ራሷን ትጠይቃለች፤ «ይህን ሥራ ባየው ረካሁ የምለው ምን ምን ካለው ነው?» መልሱን በዓይን በሚታይ፣ በጣት በሚጠቆም ነገር ትጽፈዋለች። ቀጥላ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለውን ትጽፋለች፤ እዚያ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ምንድን ነው? «ጀመርኩ» ላይም ቢሆን የተሠራውን ትጽፋለች እንጂ የቀረውን አትቆጥርም። «አልለካሁም» ደረጃ አይደለም፤ ያልጀመረ ልጅ ሰንጠረዡ ውስጥ ገና አልገባም። «አልፌ ሄድኩ» መጨረሻ ይጻፋል።

ለልጆቹ የሚሰጠው ሰንጠረዥ እንዲህ ይሆናል።

*ልኬቴ*
- ጀመርኩ፦ ከ6 ቀን በታች ለካሁ።
- መንገድ ላይ ነኝ፦ ከ6 እስከ 9 ቀን ለካሁ፤ ቀኑንና ሴንቲሜትሩን ጻፍኩ።
- ደረስኩ፦ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ለካሁ፤ ቀኑንና ሴንቲሜትሩን ጻፍኩ። ያልወጣ ባቄላ ላይ 0 ጻፍኩ።
- አልፌ ሄድኩ፦ ያንን ሁሉ አደረግኩ። ቁጥሩ እንግዳ ሲሆንብኝም እንደገና ለካሁ፤ ምን እንደሆነ ጻፍኩ።

*ሥዕሌ*
- ጀመርኩ፦ አንዱን ጣሳ ሣልኩ።
- መንገድ ላይ ነኝ፦ ሁለቱንም ጣሳ ሣልኩ።
- ደረስኩ፦ ሁለቱንም እንዳየኋቸው ሣልኩ፤ የክፍሎቹን ስም ጻፍኩ።
- አልፌ ሄድኩ፦ ሁለቱን በተለያየ ቀን ደጋግሜ ሣልኩ፤ ሥዕሌን ያየ ሰው ምን እንደተለወጠ ነገረኝ።

*ማወዳደሬ*
- ጀመርኩ፦ ስለ አንዱ ጣሳ ጻፍኩ።
- መንገድ ላይ ነኝ፦ ሁለቱን በአንድ ነገር አወዳደርኩ።
- ደረስኩ፦ ሁለቱን በቁመትም በቀለምም አወዳደርኩ፤ ለምን እንደተለያዩ ጻፍኩ።
- አልፌ ሄድኩ፦ ያንን አደረግኩ፤ ምክንያቴ እውነት መሆኑን የሚያሳይ ያየሁትን ነገር ጻፍኩ።

*ማስረዳቴ*
- ጀመርኩ፦ ወረቀቴን አሳየሁ።
- መንገድ ላይ ነኝ፦ ወረቀቴን አነበብኩ።
- ደረስኩ፦ ያየሁትን በራሴ ቃል ነገርኳቸው፤ የኋላ ወንበር ያለው ልጅ ሰማኝ።
- አልፌ ሄድኩ፦ ለጓደኞቼ ጥያቄ ቁጥሬን ወይም ሥዕሌን እያሳየሁ መለስኩ።

«ደረስኩ» ላይ 12 ሳይሆን 10 ቀን የተባለው ልጅ ሊታመም ስለሚችል ነው። «አልፌ ሄድኩ» ደግሞ ብዛት አይደለም። «12 ቀን ለካሁ፣ 15 ቀን ለካሁ» ቢባል ልጁ የሚማረው ማብዛትን ብቻ ነው። እዚህ የተጠየቀው ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። አንድ ልጅ ሰኞ 14 ሴንቲሜትር፣ ረቡዕ 11 ሴንቲሜትር ይጽፋል። ባቄላ አያጥርም። ታዲያ ምን ሆነ? ሰኞ ከጣሳው ሥር፣ ረቡዕ ከአፈሩ ወለል ለክቶ ይሆናል። ወይም በካርቶኑ ውስጥ ያለው ቀጭን ግንድ ጎንበስ ብሎ ይሆናል፤ እንዲያ ሲሆን ክር በግንዱ ላይ አስኪዶ ክሩን መለካት ነው። ይህን ያስተዋለና የጻፈ ልጅ አልፎ ሄዷል። ሁልጊዜ በ2 ሴንቲሜትር ብቻ የሚያድግ ባቄላ ያለው ልጅ ግን ምናልባት ጣሳውን ከፍቶ አላየውም።

ረጅሙ ባቄላ ሁልጊዜ ጤነኛ አይደለም

«በቁመትም በቀለምም» የሚለው ሐረግ ሰንጠረዡ ውስጥ የገባው በምክንያት ነው። በካርቶን የተከደነው ባቄላ ብዙ ጊዜ መስኮት ላይ ካለው ይረዝማል። ዘሩ ውስጥ በተከማቸው ምግብ እየኖረ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል። ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ትንሽና ገርጣ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ አረንጓዴው ቀለም እንዲሠራ ብርሃን ያስፈልጋልና። ቁመት ብቻ የለካ ልጅ «ባቄላ ጨለማ ይወዳል» ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ስሕተት ነው።

መምህሯ ሰንጠረዡ ላይ «ጨለማ ውስጥ ያለው ቢጫ ይሆናል» ብላ ብትጽፍ ግን መልሱን ሰጠቻቸው፤ ልጆቹ ሳያዩ ይጽፉታል። «በቁመትም በቀለምም አወዳደርኩ» ስትል የት እንደሚያዩ ትነግራቸዋለች፤ ምን እንደሚያገኙ ግን አትነግራቸውም። ሰንጠረዥ የሚጽፍ ሰው በየሳጥኑ የሚጠነቀቅለት ድንበር ይህ ነው።

ሰንጠረዡ ተጽፎ ሲያልቅ መምህሯ ለአንድ ልጅ ታስነብበዋለች፤ ጎበዙን ሳይሆን መካከለኛውን ልጅ ብትመርጥ ይሻላል። «ይህንን ለማግኘት ምን ታደርጋለህ?» ብላ ትጠይቃለች። «ማስመሪያ አመጣለሁ፤ ረቡዕም እለካለሁ» ካለ ዓረፍተ ነገሩ ሠርቷል። «በደንብ እሠራለሁ» ካለ አልሠራም፤ እንደገና ይጻፋል። «ተገቢ»፣ «አግባብነት ያለው»፣ «በዝርዝር»፣ «ትንተና» የሚሉ ቃላት ብዙውን ጊዜ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃሉ። ቋንቋውም ልጆቹ የሚማሩበት ቋንቋ መሆን አለበት። ከእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ እንዳለ የተገለበጠ ሰንጠረዥ ለፋይል ይሆናል እንጂ ለልጁ አይሆንም።

ወረቀቱ ሥራ የሚጀምርበት ቀን

ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ከወጣ ከቀይ እስክሪብቶው አይለይም። በመጀመሪያው ቀን ነው የሚሰጠው። ሃምሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ለሁሉም ማባዛት ካልተቻለ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ አራት በአራት ባዶ ሳጥን ያሰምራሉ።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ለሰንጠረዡ ይመደባል። እያንዳንዱ ልጅ «ዛሬ ያለሁበት» ብሎ የሚያስበውን ሳጥን በሰማያዊ ይቀባል። ሲቀባ ማስረጃውን ለጎኑ ልጅ በጣቱ ያሳያል፤ «ይኸው፣ አምስት ቀን ለክቻለሁ»። በሚቀጥለው ሳምንት መምህሯ በየቀኑ የአሥር ልጆችን ደብተር ታያለች፤ በአምስት ቀን ሃምሳው ያልቃል። እሷ የምታስበውን ሳጥን በአረንጓዴ ትቀባለች። ሁለቱ ቀለማት አንድ ሳጥን ላይ ከወደቁ ወሬ አያስፈልግም። ከተለያዩ «እስቲ አሳየኝ» ትላለች።

በዚህ ቀን ነጥብ አይጻፍም። በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ። እስራኤል ውስጥ ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ልጆች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ነው። ለአንዱ ቡድን አስተያየት ብቻ፣ ለሌላው ነጥብ ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጠ። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ነጥብና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው ልጆች አስተያየቱ ብዙም አልጠቀማቸውም። ነጥብ ካለ ልጅ ነጥቡን አይቶ፣ የጎኑን ልጅ ነጥብ አይቶ፣ ደብተሩን ይዘጋል።

ሰንጠረዥ ለትንንሽ ልጆች ይጠቅም እንደሆነም ተሞክሯል። ሃይዲ አንድራዴና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ 3ኛና 4ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ጻፉ። ሁለቱም ቡድኖች የጥሩ ድርሰት መለያዎችን ዘርዝረው የመጀመሪያ ረቂቃቸውን እንደገና አይተዋል። አንደኛው ቡድን ግን መለያዎቹን ያወጣው የናሙና ድርሰት አንብቦ ነው፤ ረቂቁንም በሰንጠረዥ ራሱን መዝኖበታል። የተሻለ የጻፈው ይህ ቡድን ነበር። ስለዚህ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ልጁ ናሙና አይቶ፣ ሰንጠረዡን በራሱ ሥራ ላይ አሳርፎ፣ ለማስተካከል ጊዜ ማግኘት አለበት። ለባቄላው ፕሮጀክት ናሙናውን መምህሯ ራሷ በሌላ ዘር፣ ለምሳሌ በሽምብራ፣ ሠርታ ልታሳያቸው ትችላለች።

ሁለት ልጆች

አሁን ሁለት ልጆች እንውሰድ። የልጅቷ አንዱ ጣሳ፣ የተከደነው፣ ምንም አላወጣም። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ልኬቷ ላይ ስድስት ጊዜ 0 ተጽፏል። «ማወዳደሬ» የሚለው ላይ «ጀመርኩ»ን ቀባች፤ ስለ መስኮቱ ጣሳ ብቻ ነው የጻፈችው። ሌላው ምንም የለበትማ! መምህሯ ሳጥኖቹን ወደ ቀኝ እንድታነብ ነገረቻት። ልጅቷ «ሁለቱን አወዳደርኩ» የሚለውን አነበበችና ሰኞ አፈሩን ቆፈረች። ሦስቱም ዘሮች ለስልሰው፣ ቡናማ ሆነው፣ ሸትተው አገኘቻቸው። የመስኮቱ አፈር ደረቅ፣ የካርቶኑ አፈር ጭቃ ነበር። ለሁለቱም እኩል ውኃ ታጠጣ ነበር፤ በካርቶኑ ውስጥ ግን ውኃው ቶሎ አይደርቅም። ይህን ጻፈች፤ የሁለቱን አፈር በጣቷ ነክታ ያየችውንም አከለች። 0 እየደጋገመ ስላስገረማት ቆፍራ ማየቷ «ልኬቴ» ላይም ከፍ አደረጋት። የሁለቱን ጣሳ ሥዕል ስም ጽፋበት ሠርታለች። ማስረዳት ላይ ግን ፈራች፤ ወረቀቷን አነበበች።

የልጁ ባቄላ ሁለቱም ጣሳ ላይ በቅሏል፤ የካርቶኑ በጣም ረዝሟል። ሽፋኑ ኮምፒውተር ቤት ተሠርቷል። የለካው አምስት ቀን ነው። ሥዕሉ ሁለቱንም ጣሳ ከነክፍሎቹ ስም ያሳያል። «የጨለማው ይበልጣል» ብሎ በቁመት ብቻ አወዳድሯል። ሲያስረዳ ግን የሚደነቅ ነው፤ ለጥያቄ ሁሉ ሥዕሉን እያሳየ መልሷል።

ወደ ነጥብ እንለውጠው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለደረጃዎቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሰጥና ይደምራል። ከዚያ አራቱም ላይ «ደረስኩ» የሆነ ልጅ ከ16ቱ 12፣ ማለትም ከ20 ነጥብ 15 ያገኛል። የተጠየቀውን ሁሉ ሠርቶ አምስት ነጥብ አጣ፤ እናትየው እንደገና «አምስቱን ምን በላው?» ትላለች፣ እውነቷንም ነው። ደረጃው የሚናገረውና ነጥቡ የሚናገረው መግጠም አለባቸው። ለእያንዳንዱ መስመር 5 ነጥብ ከሆነ «ጀመርኩ» 2፣ «መንገድ ላይ ነኝ» 3.5፣ «ደረስኩ» 4.5፣ «አልፌ ሄድኩ» 5 ቢሰጥ አራቱም ላይ የደረሰ ልጅ 18 ያገኛል።

በዚህ ስሌት ልጅቷ በልኬት 5፣ በሥዕል 4.5፣ በማወዳደር 5፣ በማስረዳት 3.5 ታገኛለች፤ ድምሩ 18 ነው። ልጁ በልኬት 2፣ በሥዕል 4.5፣ በማወዳደር 3.5፣ በማስረዳት 5 ያገኛል፤ ድምሩ 15 ነው። ባቄላው የበሰበሰባት ልጅ በሦስት ነጥብ በለጠች። ልጁም ቤቱ ሄዶ «አምስቱን ምን በላው?» ሲባል መልስ አለው፤ «ሦስቱን ልኬት በላው፤ አንድ ተኩሉን ቀለሙን ስላላየሁ፤ ግማሹን ሥዕሉ ላይ»።

ሰንጠረዡም ይታረማል

ይህ ወረቀት የማይችለው ነገር አለ። ለእሱ ያልታሰበ ሥራ ሲመጣ ቦታ የለውም። አንድ ልጅ በካርቶኑ ላይ ቀዳዳ ሠርቶ ባቄላው ወደ ቀዳዳው ሲታጠፍ ቢያሳይ ከአራቱ መስመሮች የትኛው ይይዘዋል? ለዚህ ከሰንጠረዡ ሥር አንድ ባዶ መስመር መተው ይሻላል፤ መምህሯ ነጥብ ሳትሰጥበት ያየችውን ትጽፍበታለች።

ሌላው ጉድለት የሚታወቀው ከቀለማቱ ነው። አንድ ልጅ በሰማያዊ ከፍ አድርጎ ቀብቶ መምህሯ በአረንጓዴ ዝቅ ካደረገችው ልጁ ራሱን አላየም ይሆናል። አሥራ አምስት ልጅ በአንድ ሳጥን ላይ እንዲያ ካደረገ ግን የተሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ለምሳሌ «ለካሁ» የሚለውን ብዙዎቹ ቀብተው፣ ሲታይ በማስመሪያ ፋንታ በጣታቸው ገምተው ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ያም መለካት ነው። መምህሯ ለሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቃል ላይ ሰርዛ «በማስመሪያ ከአፈሩ ወለል ጀምሬ ለካሁ» ብላ ትጽፋለች። ለማረም የምትጠቀምበት እስክሪብቶ ቀይ ቢሆን ግድ የለም፤ በዚህ ጊዜ የሚታረመው የእሷ ወረቀት ነው።